ከአንድ የተጨናነቀ ሠንጠረዥ ወደ ሦስተኛው ኖርማል ፎርም፦ የቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብን ደረጃ በደረጃ ማስተካከል

የቤተ መጻሕፍት ውሰት በወረቀት ሲመዘገብ አንድ ውሰት አንድ መስመር ይይዛል። ቀኑ፣ የተዋሹ ስምና የአባልነት ዓይነቱ ይጻፋል፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተወሰዱት መጻሕፍት ተደርድረው ይሰፍራሉ። ይህ ወረቀት እንዳለ ወደ ዳታቤዝ ሲገለበጥ የሚከተለውን ሠንጠረዥ ይወልዳል።

| ውሰት | ቀን | አባል | ስም | ዓይነት | ገደብ | መጻሕፍት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 501 | 12/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 | 7 አልጀብራ ሀ3 (20/3)፣ 12 ባዮሎጂ ለ1 (24/3) |
| 502 | 12/3 | 34 | ዮናስ | መምህር | 30 | 7 አልጀብራ ሀ3 |
| 503 | 15/3 | 40 | ሄለን | ተማሪ | 14 | 1 ጂኦሜትሪ ሀ3 (29/3)፣ 12 ባዮሎጂ ለ1 |
| 504 | 26/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 | 9 የካርታ ንባብ ለ2 |

«ገደብ» መጽሐፉ ሳይመለስ ሊቆይ የሚችልበት የቀን ብዛት ነው። በመጨረሻው ዓምድ ውስጥ የመጽሐፉ ቁጥር፣ ርዕሱ፣ የሚቀመጥበት መደርደሪያና፣ ተመልሶ ከሆነ፣ የተመለሰበት ቀን በቅንፍ ሰፍሯል። ሰው ሲያነበው ምንም አያስቸግርም። ዳታቤዙ ግን ሦስቱን ኖርማል ፎርሞች፣ ማለትም ሠንጠረዥ ከድግግሞሽና ከተቃርኖ እንዲጠበቅ ደረጃ በደረጃ ሊያሟላቸው የሚገቡትን ደንቦች፣ በአንድ ጊዜ የሚጥስ ሠንጠረዥ ተሸክሟል። ጥሰቶቹን አንድ በአንድ እያወጣን እናስተካክላለን።

## ሠንጠረዡን ከመንካት በፊት፦ የትኛው የትኛውን ይወስናል?

ብዙ ሰው ሠንጠረዡን እያየ በዓይኑ መቁረጥ ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚበላሸው። ኖርማል ፎርሞቹ በሙሉ የሚቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እሱም ጥገኝነት ይባላል። የአንድ ዓምድ እሴት ሲታወቅ የሌላው ዓምድ እሴት አንድና አንድ ብቻ ሆኖ የሚወሰን ከሆነ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ጥገኛ ነው እንላለን። የአባል ቁጥሩ 21 ከሆነ ስሙ ሰላም ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ስም በአባል ቁጥር ላይ ጥገኛ ነው። በተቃራኒው ስሙ ሰላም መሆኑን ማወቅ የአባል ቁጥሩን አይነግረንም፤ ነገ ሌላ ሰላም ልትመዘገብ ትችላለች።

ጥገኝነት የሚገኘው ከቤቱ ደንብ ነው፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ከተቀመጡት ረድፎች አይነበብም። ከላይ ባሉት አራት ረድፎች ውስጥ ሀ3 መደርደሪያ ላይ ያሉት አልጀብራና ጂኦሜትሪ ብቻ ስለሆኑ «መደርደሪያው የትምህርቱን ዘርፍ ይወስናል» ብሎ መደምደም ይቻል ይመስላል። ነገ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሀ3 ላይ ሲቀመጥ ድምዳሜው ይፈርሳል። ረድፎች አንድን ጥገኝነት ሊያፈርሱት ይችላሉ፤ ሊያረጋግጡት ግን ፈጽሞ አይችሉም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው ሰው ነው።

የዚህ ቤተ መጻሕፍት ደንብ እንዲህ ነው እንበል። አንድ ውሰት በአንድ ቀን ለአንድ አባል ብቻ ይመዘገባል። በአንድ ውሰት ውስጥ ብዙ መጻሕፍት ሊወጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ በአንድ ውሰት አይወጣም። የመጽሐፍ ቁጥር ለርዕሱ የተሰጠ ስለሆነ ቅጂዎቹ ሁሉ አንድ ቁጥር ይጋራሉ፤ የሚቀመጡትም በአንድ መደርደሪያ ላይ ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ የአባልነት ዓይነት አለው፤ ገደቡን የሚወስነውም ይኸው ዓይነት ነው። መጻሕፍቱ ግን በተለያየ ቀን ሊመለሱ ይችላሉ። ይህን በቀስት ስንጽፈው አምስት መስመር ይወጣዋል፦

- ውሰት → ቀን፣ አባል
- አባል → ስም፣ ዓይነት
- ዓይነት → ገደብ
- መጽሐፍ → ርዕስ፣ መደርደሪያ
- ውሰት እና መጽሐፍ በአንድነት → የተመለሰበት ቀን

ይህን ዝርዝር በአጠገብዎ ያስቀምጡት። ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሁሉ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ጥያቄ ማቅረብ ነው።

## የመጀመሪያው ኖርማል ፎርም፦ በአንድ ሕዋስ አንድ እሴት

ኤድጋር ኮድ በ1970 በአይቢኤም ሲሠራ የሪሌሽናል ሞዴልን ያቀረበበት ጽሑፍ አስቀድሞ የጠየቀው ይህን ነበር፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ሌላ ሠንጠረዥ አይቀመጥ። የእኛ «መጻሕፍት» ዓምድ የሚጥሰው በቀጥታ ይህን ነው። የውሰት 501 የመጨረሻ ሕዋስ ውስጥ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ሁለት ረድፎችና በእያንዳንዳቸው አራት ዓምዶች ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል።

ጉዳቱ የሚታየው ጥያቄ ሲቀርብ ነው። መጽሐፍ ቁጥር 1ን እነማን እንደተዋሱት ማወቅ ፈለግን እንበል።

```sql
SELECT loan_no FROM loans
WHERE books LIKE '%1%';
```

የሚመጣው መልስ 501ን ያካትታል፤ ምክንያቱም 12 ውስጥ 1 አለ። 12 ባይኖር እንኳ «ለ1» የሚለው መደርደሪያ ራሱ ያሳስተዋል። በቁጥሩ ፊትና ኋላ ሰረዝና ክፍት ቦታ እየጨመሩ ፍለጋውን ማጥበብ ይቻላል፤ ሆኖም አንድ ሰው ክፍት ቦታ ሳይተው የጻፈ ዕለት እሱም ይከሽፋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዳታቤዙ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው። የሌለ መጽሐፍ ቁጥር ቢጻፍ አይከለክልም፤ አንዱ መጽሐፍ ሲመለስ ቀኑን ለመሙላት ጽሑፉን በሙሉ አንብቦ፣ ቆርጦ፣ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህን ለማምለጥ «መጽሐፍ1»፣ «መጽሐፍ2»፣ «መጽሐፍ3» የሚሉ ዓምዶችን መደርደር የተለመደ ነው። ይህ ቅርጽ የመጀመሪያውን ኖርማል ፎርም በጥብቅ ትርጉሙ ይጥሳል ወይስ አይጥስም በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ለእኔ ክርክሩ ብዙም አይመስጠኝም፤ በሽታው ያው ነውና። አንድን መጽሐፍ ለመፈለግ ሦስቱንም ዓምዶች መጠየቅ ግድ ይሆናል፤ አራት መጽሐፍ የሚወስድ ሰው የመጣ ዕለት ደግሞ የሠንጠረዡን ቅርጽ መለወጥ ነው።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ረድፍ መስጠት ነው።

| ውሰት | ቀን | አባል | ስም | ዓይነት | ገደብ | መጽሐፍ | ርዕስ | መደርደሪያ | ተመለሰ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| 501 | 12/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 | 7 | አልጀብራ | ሀ3 | 20/3 |
| 501 | 12/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 | 12 | ባዮሎጂ | ለ1 | 24/3 |
| 502 | 12/3 | 34 | ዮናስ | መምህር | 30 | 7 | አልጀብራ | ሀ3 | |
| 503 | 15/3 | 40 | ሄለን | ተማሪ | 14 | 1 | ጂኦሜትሪ | ሀ3 | 29/3 |
| 503 | 15/3 | 40 | ሄለን | ተማሪ | 14 | 12 | ባዮሎጂ | ለ1 | |
| 504 | 26/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 | 9 | የካርታ ንባብ | ለ2 | |

አራቱ ረድፎች ስድስት ሆኑ። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ለውጥ ቁልፉ ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው በሚለየው ዓምድ ላይ፣ የደረሰው ነው። ቀድሞ የውሰት ቁጥር ብቻውን እያንዳንዱን ረድፍ ይለይ ነበር። አሁን 501 ሁለት ጊዜ ይታያልና ብቻውን አይበቃም። ደንባችን በአንድ ውሰት አንድ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚወጣ ስለሚናገር፣ አዲሱ ቁልፍ ውሰትና መጽሐፍ በአንድነት ናቸው። እንዲህ ከአንድ በላይ ዓምድ የያዘ ቁልፍ ጥምር ቁልፍ ይባላል። ወደ መጀመሪያው ኖርማል ፎርም የሚያልፍ ሰው ቁልፉን እንደገና ካልወሰነ ቀጣዩ ደረጃ ትርጉም አይሰጠውም፤ ቀጣዩ ጥያቄ የሚቀርበው በዚህ ጥምር ቁልፍ ላይ ነውና።

«አንድ እሴት» ሲባል የቱ ድረስ ነው መከፋፈል ያለብን? ቀን እንኳ ወደ ቀን፣ ወርና ዓመት ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ የምከተለው መለኪያ አጠቃቀሙን ነው። ከሕዋሱ ውስጥ አንዱን ቁራጭ ብቻ ለይቶ መፈለግ፣ መለወጥ ወይም ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር ማያያዝ የሚያስፈልግ ከሆነ ቁራጩ የራሱ ቦታ ይገባዋል። ቀንን ዳታቤዙ ራሱ እንደ አንድ እሴት ስለሚያውቀው መሰንጠቅ አያሻም።

## ሁለተኛው ኖርማል ፎርም፦ በቁልፉ ከፊል ላይ የተንጠለጠሉ ዓምዶች

አሁን ያለን ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን ይጥሳል። ኮድ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ኖርማል ፎርም የጨመረው በ1971 ነው። ሁለተኛው የሚጠይቀው ቁልፍ ያልሆነ ማንኛውም ዓምድ በሙሉው ቁልፍ ላይ ጥገኛ እንዲሆን ነው። በቁልፉ ከፊል ብቻ የሚወሰን ዓምድ ካለ ቦታው እዚህ አይደለም።

የቀስት ዝርዝራችንን አንስተን እንጠይቅ። ርዕስና መደርደሪያን የሚወስነው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የውሰቱ ቁጥር ምንም አይጨምርም። ይህ ከፊል ጥገኝነት ነው። ቀንንና አባልን የሚወስነው ውሰት ብቻ ነው፤ ይህም ከፊል ነው። ስም፣ ዓይነትና ገደብ በአባል በኩል ቢመጡም መነሻቸው ውሰት ብቻ ስለሆነ እዚሁ ይመደባሉ። ሁለቱንም የቁልፍ ዓምዶች የሚፈልገው የተመለሰበት ቀን ብቻ ነው። 501 መሆኑን ብቻ ብናውቅ መልሱ 20/3 ወይም 24/3 ይሆናል፤ መጽሐፍ 7 መሆኑን ብቻ ብናውቅ ደግሞ 20/3 ወይም ገና ያልተመለሰ ይሆናል። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው መልሱ አንድ የሚሆነው።

ጥሰቱ የሚያመጣውን ችግር በዚሁ ሠንጠረዥ እንየው። ባዮሎጂ ከለ1 ወደ ሐ2 ተዛወረ እንበል። መጽሐፉ ከቦታው የተነሣው አንድ ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ሁለት ረድፍ መለወጥ አለብን። 501 ላይ ለውጠን 503ን ከረሳን ዳታቤዙ ራሱን ይቃረናል፤ ማን እንደሚዋሽም የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ፣ ዛሬ የገባና ማንም ያልተዋሰው አዲስ መጽሐፍ አለ እንበል። ቁልፉ የውሰት ቁጥርን ይጠይቃል፤ የቁልፍ ዓምድ ባዶ መሆን አይችልም፤ ስለዚህ መጽሐፉ እስኪወሰድ ድረስ ለዳታቤዙ የለም። በመጨረሻም ውሰት 504 በስህተት የተመዘገበ ስለነበር ተሰረዘ እንበል። ከእሱ ጋር የካርታ ንባብ የሚባል መጽሐፍ መኖሩና ለ2 ላይ መቀመጡም አብሮ ይጠፋል፤ ያን የሚያውቅ ሌላ ረድፍ አልነበረምና።

እየተሠራበት ያለ ዳታቤዝ ውስጥ እርስ በርሱ የሚቃረን መረጃ ገብቶ እንደሆነ በዚህ ጥያቄ ይታወቃል፦

```sql
SELECT book_no
FROM loans
GROUP BY book_no
HAVING COUNT(DISTINCT shelf) > 1;
```

አንድም ረድፍ ካልመጣ ተቃርኖ ገና አልታየም ማለት ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ለተቃርኖ ክፍት እንደሆነ ይቆያል። አንድ ጥንቃቄ አለ። እንዲህ ያለው ቆጠራ ባዶ ሕዋስን አይቆጥርም። አንዱ ረድፍ ለ1 ሌላው ባዶ ቢሆን ጥያቄው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያልፋል፤ ባዶዎቹን ለብቻ መፈለግ ያስፈልጋል።

ለመክፈል፣ እያንዳንዱን የቁልፍ ከፊል እሱ ከሚወስናቸው ዓምዶች ጋር ወደ ራሱ ሠንጠረዥ እንወስዳለን፤ በሙሉው ቁልፍ የሚወሰኑትን ደግሞ ከሙሉው ቁልፍ ጋር እንተዋለን። ሦስት ሠንጠረዥ ይወጣል። የመጽሐፍ ሠንጠረዥ፦

| መጽሐፍ | ርዕስ | መደርደሪያ |
|---|---|---|
| 1 | ጂኦሜትሪ | ሀ3 |
| 7 | አልጀብራ | ሀ3 |
| 9 | የካርታ ንባብ | ለ2 |
| 12 | ባዮሎጂ | ለ1 |

የውሰት ዝርዝር ሠንጠረዥ፦

| ውሰት | መጽሐፍ | ተመለሰ |
|---|---|---|
| 501 | 7 | 20/3 |
| 501 | 12 | 24/3 |
| 502 | 7 | |
| 503 | 1 | 29/3 |
| 503 | 12 | |
| 504 | 9 | |

ሦስተኛው የውሰት ሠንጠረዥ ነው፤ እሱን በቀጣዩ ክፍል እንመለከተዋለን።

### የተሳሳተ አከፋፈል ምን ይመስላል?

ሠንጠረዥን መክፈል ቀላል ነው፤ የተከፈለውን ሳያዛቡ መልሶ መግጠም ነው ከባዱ። አንድ ሰው «የማን መጽሐፍ እንደሆነ ማወቅ ይበቃል» ብሎ ውሰትን ከአባል ጋር በአንድ ሠንጠረዥ፣ አባልን ከመጽሐፍ ጋር በሌላ ሠንጠረዥ ቢያስቀምጥ ምን ይሆናል? አባል 21 ውሰት 501 እና 504 አላት፤ መጻሕፍቷ ደግሞ 7፣ 12 እና 9 ናቸው። ሁለቱ ሠንጠረዦች በአባል ቁጥር ሲገጠሙ እያንዳንዱ ውሰት ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጋር ይጣመራል። ሦስት የነበሩት የሰላም ረድፎች ስድስት ይሆናሉ፤ በውሰት 501 የካርታ ንባብን ወስዳለች የሚል ፈጽሞ ያልተደረገ ነገርም ይመጣል። በጠቅላላው ከስድስት ረድፍ ዘጠኝ ረድፍ ይወጣል። ረድፉ በዝቶ መረጃው ጠፋ ማለት ይህ ነው፤ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ ምልክት የለምና።

ለዚህ መከላከያው አንድ ደንብ ነው። ሁለቱ ቁራጮች የሚጋሩት ዓምድ ቢያንስ በአንደኛው ቁራጭ ውስጥ ቁልፍ መሆን አለበት። በትክክለኛው አከፋፈላችን የመጽሐፍ ሠንጠረዥና የውሰት ዝርዝር የሚጋሩት የመጽሐፍ ቁጥርን ነው፤ እሱም በመጽሐፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ቁልፍ ነው። በተሳሳተው ግን የአባል ቁጥር በሁለቱም በኩል ይደጋገማል።

### ተራ ቁጥር መጨመር አያድንም

ሁለተኛው ኖርማል ፎርም የሚጣሰው ጥምር ቁልፍ ባለበት ነው የሚለውን የሰማ ሰው ብልሃት ያገኘ ይመስለዋል። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ራሱ የሚቆጥር `id` ይጨምርና እሱን ዋና ቁልፍ ያደርገዋል። «ቁልፌ አንድ ዓምድ ብቻ ስለሆነ ከፊል የሚባል ነገር የለም» ይላል። ይህን መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አይሠራም። ደንቡ የሚናገረው ረድፍን ለመለየት ብቁ ስለሆኑ ዕጩ ቁልፎች ሁሉ ነው፤ ከእነሱ መካከል ዋና ቁልፍ እንዲሆን ስለተመረጠው ብቻ አይደለም። ተራ ቁጥሩ ቢጨመርም ውሰትና መጽሐፍ በአንድነት አሁንም ረድፉን ይለያሉ፤ ርዕስም አሁንም በመጽሐፍ ብቻ ይወሰናል። ባዮሎጂ ሲዛወር የሚለወጡት ረድፎች ያው ሁለት ናቸው። እንዲያውም `id` ብቻ ቁልፍ ከሆነ በውሰት 501 መጽሐፍ 7ን ሁለት ጊዜ መመዝገብ የሚከለክል ነገር ይጠፋል።

## ሦስተኛው ኖርማል ፎርም፦ በሌላ ዓምድ በኩል የሚያልፍ ጥገኝነት

ያቆየነው የውሰት ሠንጠረዥ ይኸው፦

| ውሰት | ቀን | አባል | ስም | ዓይነት | ገደብ |
|---|---|---|---|---|---|
| 501 | 12/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 |
| 502 | 12/3 | 34 | ዮናስ | መምህር | 30 |
| 503 | 15/3 | 40 | ሄለን | ተማሪ | 14 |
| 504 | 26/3 | 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 |

ቁልፉ ውሰት ብቻ ስለሆነ ከፊል ጥገኝነት ሊኖር አይችልም፤ ሁለተኛውን ያሟላል። ሰላም ግን ሁለት ጊዜ ተጽፋለች፤ «ተማሪ 14» ሦስት ጊዜ ተደግሟል። ምክንያቱ ስም በውሰት ቁጥር በቀጥታ አለመወሰኑ ነው። ውሰት አባልን ይወስናል፤ አባል ደግሞ ስምን። እንዲህ በሌላ ቁልፍ ባልሆነ ዓምድ በኩል አልፎ የሚመጣ ጥገኝነት ተሸጋጋሪ ጥገኝነት ይባላል፤ ሦስተኛው ኖርማል ፎርም የሚከለክለውም ይህን ነው።

መጀመሪያ አባልን እናውጣ። በውሰት ሠንጠረዥ ውስጥ ውሰት፣ ቀንና አባል ይቀራሉ፤ የቀሩት ወደዚህ ይሄዳሉ፦

| አባል | ስም | ዓይነት | ገደብ |
|---|---|---|---|
| 21 | ሰላም | ተማሪ | 14 |
| 34 | ዮናስ | መምህር | 30 |
| 40 | ሄለን | ተማሪ | 14 |

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ አባል ለብቻው ወጥቷል፣ ሁሉም ስለ አባል ይመስላል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ሁለት ቀለበት ነበረው፤ እኛ የበጠስነው አንዱን ነው። ገደብን የሚወስነው ዓይነት ነው፤ ዓይነት ደግሞ የዚህ ሠንጠረዥ ቁልፍ አይደለም። አዲሱ ሠንጠረዥ ከመወለዱ ሦስተኛውን ይጥሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍፍል በኋላ የወጡትን ሠንጠረዦች እንደ አዲስ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገደብን ከዓይነት ጋር እናወጣለን፦

| ዓይነት | ገደብ |
|---|---|
| ተማሪ | 14 |
| መምህር | 30 |

አሁን በአባል ሠንጠረዥ ውስጥ አባል፣ ስምና ዓይነት ብቻ ቀሩ። የሁለት ረድፍ ሠንጠረዥ መሥራት ትርፍ ድካም የሚመስለው ሰው አለ። ያለ እሱ ግን ገና አንድም አባል ያልተመዘገበበትን «ተመራማሪ» የሚል ዓይነትና ገደቡን የምንጽፍበት ቦታ አይኖርም።

ተሸጋጋሪ ጥገኝነትን ስንፈልግ በከንቱ እንዳንደነግጥ አንድ ነገር እንለይ። እያንዳንዱ አባል የማይደገም ኢሜይል ቢኖረው ኢሜይልም ስምን ይወስናል። ይህ ጥሰት አይደለም፤ ኢሜይል ራሱ ዕጩ ቁልፍ ነውና። ጥሰት የሚሆነው ወሳኙ ዓምድ ረድፉን ለብቻው መለየት ሳይችል ሲቀር ነው። ሦስተኛው ኖርማል ፎርም አንድ ነገር ደግሞ ይታገሣል፤ የሚወሰነው ዓምድ ራሱ የአንድ ዕጩ ቁልፍ አካል ከሆነ ያልፈዋል። ይህን ቀዳዳ የሚዘጋው በ1974 የመጣው የቦይስና ኮድ ኖርማል ፎርም ነው። በእኛ ሠንጠረዦች ውስጥ እንዲህ ያለ ዓምድ ስለሌለ አያሳስበንም።

### ድግግሞሽ የሚመስል፣ ግን ያልሆነ

እዚህ ላይ ከልክ በላይ መጽዳት የሚያመጣው ጉዳት አለ። የመመለሻውን ቀነ ገደብ የት እናስቀምጥ? የውሰቱ ቀን ሲደመር የዓይነቱ ገደብ ስለሆነ በፈለግን ጊዜ ማስላት ይቻላል፤ ማስቀመጥ ድግግሞሽ ነው ሊባል ይችላል።

አሁን ቤተ መጻሕፍቱ የተማሪዎችን ገደብ ከ14 ወደ 10 ዝቅ አደረገ እንበል። በዓይነት ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ሕዋስ ለወጥን። የውሰት 501 ቀነ ገደብ 26/3 ነበር፤ አሁን ሲሰላ 22/3 ይሆናል። ሰላም ባዮሎጂን የመለሰችው 24/3 ላይ ነው። ቀነ ገደቧን አክብራ የመለሰች አባል፣ ማንም ረድፏን ሳይነካ፣ ሁለት ቀን ያሳለፈች ሆና ትገኛለች። ሰላም የአባልነት ዓይነቷ ቢቀየርም ተመሳሳይ መዛባት ይመጣል።

ስህተቱ ያለው ጥገኝነቱን ስንጽፍ ነው። «ዓይነት → ገደብ» የሚለው ዛሬ ያለውን ደንብ ይናገራል። አንድ ውሰት ሲፈጸም ለተዋሹ የተነገረው ቀነ ገደብ ግን የዚያ ውሰት እውነታ ነው፤ ደንቡ ቢለወጥም አይለወጥም። ስለዚህ «ውሰት → ቀነ ገደብ» የሚል አዲስ ቀስት በዝርዝሩ ላይ ይጨመርና ዓምዱ በውሰት ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛውን አይጥስም፤ በውሰት ቁጥር በቀጥታ የሚወሰን ነውና። ሁለት ሕዋሶች ዛሬ አንድ ዓይነት ቁጥር ማሳየታቸው አንድ ነገር መናገራቸውን አያሳይም። አንዱ ሲለወጥ ሌላው አብሮ መለወጥ ይገባዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ድግግሞሽ ነው፤ «አይደለም» ከሆነ ሁለቱም ይኑሩ።

## የቆየውን መረጃ ማዛወር

በእጃችን አምስት ሠንጠረዦች አሉ፦ ዓይነት፣ አባል፣ መጽሐፍ፣ ውሰት እና የውሰት ዝርዝር። መረጃውን የምናዛውረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ሌላው የሚጠቁመው ሠንጠረዥ አስቀድሞ መሞላት አለበትና። በመጨረሻ የሚሞላው የውሰት ዝርዝር እንዲህ ይፈጠራል፦

```sql
CREATE TABLE loan_items (
  loan_no INTEGER NOT NULL REFERENCES loan(loan_no),
  book_no INTEGER NOT NULL REFERENCES book(book_no),
  returned_on DATE,
  PRIMARY KEY (loan_no, book_no)
);
```

ሌሎቹን ሠንጠረዦች ከድሮው ሰፊ ሠንጠረዥ ስንሞላ ድግግሞሹን የሚያስወግደው `DISTINCT` ነው፦

```sql
INSERT INTO book (book_no, title, shelf)
SELECT DISTINCT book_no, title, shelf
FROM loans;
```

ባዮሎጂ በአንዱ ረድፍ ለ1 በሌላው ሐ2 ተብሎ ከቆየ `DISTINCT` ሁለቱንም ያመጣቸዋል፤ ዋናው ቁልፍ ደግሞ ሁለተኛውን አልቀበልም ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ይህ ስህተት ሲታይ ቁልፉን አንሥቶ ለማለፍ የሚቸኩል አይጠፋም። ቁልፉ ግን ሥራውን ነው የሠራው፤ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ተቃርኖ ይዞ አሳይቷል። ብዙ ረድፍ ያለውን መምረጥም አያዋጣም፤ የቆየው ስህተት ብዙ ጊዜ ከአዲሱ እርማት ይልቅ የበዛ ረድፍ ይኖረዋል። መደርደሪያው ጋር ሄዶ መጽሐፉን ማየት ይሻላል።

ሁሉም ከገባ በኋላ አምስቱን ሠንጠረዦች መልሶ ገጥሞ ከድሮው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ ስድስት ረድፍ መምጣት አለበት። ከስድስት ካነሰ የሚጠቁመውን ያጣ ረድፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የአባል ወይም የመጽሐፍ ቁጥሩ ባዶ የነበረ ነው። ከበዛ ደግሞ ከሠንጠረዦቹ አንዱ ያለ ቁልፍ ተፈጥሯል። ቁጥሩ ልክ ቢመጣም የተወሰኑ ረድፎችን በዓይን ማየት አይከፋም፤ አንድ ረድፍ ጠፍቶ አንድ ሐሰተኛ ረድፍ ቢጨመር ድምሩ ያው ስድስት ነውና። ድሮውን ሠንጠረዥ መሰረዝ ከዚህ በኋላ ነው።